የሄሞግሎቢን ክብደት በውኃ ከፍታ ሲለካ

ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን በውስጡ ብረት አለ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ 100 ግራም ደረቅና ንጹሕ ሄሞግሎቢን ውስጥ የሚገኘው ብረት 0.335 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህች ቁጥር ትንሽ ብትመስልም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለነበሩ የኬሚስትሪ ሰዎች ትልቅ ፍንጭ ነበረች። የአንድ ሞል ብረት ክብደት 55.85 ግራም መሆኑ ይታወቃል። ሞል የቁጥር መስፈሪያ ነው፤ ደርዘን 12 ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ ሞልም ወደ 602 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ቅንጣት ማለት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የሄሞግሎቢን ሞለኪውል አንዲት የብረት አቶም ብቻ ከያዘ፣ 55.85 ግራም ብረት ያለበት ሄሞግሎቢን አንድ ሞል ሄሞግሎቢን ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ሲሠራ 16,700 ግራም አካባቢ ይመጣል።

ችግሩ ያለው «አንዲት ብቻ ከያዘ» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። ሁለት ብረት ከያዘ ክብደቱ 33,400 ይሆናል፤ ሦስት ከሆነ 50,000፣ አራት ከሆነ ደግሞ 66,800። ብረቱን የፈለገውን ያህል በጥንቃቄ ብንመዝን ከእነዚህ ውስጥ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ለዚያ ሌላ ዓይነት ልኬት ያስፈልጋል፤ በአንድ ግራም ሄሞግሎቢን ውስጥ ስንት ሞለኪውል እንዳለ የሚቆጥር ልኬት። ይህን ቆጠራ የሚሠራልን ኦስሞቲክ ግፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃን የሚያሳልፍ፣ ትልልቅ ሞለኪውሎችን ግን የሚያግድ ስስ ሽፋን እንውሰድ። በአንዱ ወገን ንጹሕ ውኃ፣ በሌላው ወገን ሙሙት፣ ማለትም የሆነ ነገር የሟሟበት ውኃ ይኑር። ውኃው በሽፋኑ በኩል በሁለቱም አቅጣጫ ያለማቋረጥ ይመላለሳል። ነገር ግን በሙሙቱ ወገን ያለው ውኃ ከሟሟው ነገር ጋር ስለተቀላቀለ፣ ከዚያ ወገን የሚወጣው ወደዚያ ከሚገባው ያንሳል። ሲደመር ሲቀነስ ሙሙቱ ውኃ እየሳበ ይሄዳል። ሙሙቱ ያለበት ዕቃ ቀጥ ያለ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ቢኖረው ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። እየወጣ ሄዶ የራሱ ክብደት የሚፈጥረው ግፊት ተጨማሪ ውኃ እንዳይገባ የሚከለክልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ኦስሞቲክ ግፊት የሚባለው ውኃውን የሚያስቆመው ይህ ግፊት ነው።

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ፕፌፈር እ.ኤ.አ. በ1877 ይህን ግፊት በስኳር ሙሙት ላይ በሚገባ ለክቶ ነበር። ሽፋኑን የሠራው ከሸክላ ነው። በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የመዳብ ፌሮሲያናይድ የተባለ ነገር እንዲረጋ በማድረግ፣ ስኳር የማያልፍበት ውኃ ግን የሚያልፍበት ግድግዳ አገኘ። በሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር ያለበት ሙሙት ከግማሽ ሜትር በላይ ሜርኩሪ የሚያቆም ግፊት እንደሚፈጥር አየ። ለዕፅዋት ሰው ይህ ሥር ውኃን እንዴት እንደሚስብ የሚመለከት ጉዳይ ነበር። ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ግን በእነዚሁ ቁጥሮች ውስጥ ሌላ ነገር አየ። ግፊቱ የሚከተለው ሕግ ጋዝ ከሚከተለው ሕግ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። በ1901 በኬሚስትሪ የመጀመሪያው የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለእርሱ ሲሆን፣ ይህ ግኝት ከሽልማቱ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ሕጉ በዛሬ አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

π = cRT / M

እዚህ ላይ π ግፊቱ ነው። c በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሟሟ ነገር ክብደት በግራም፣ R በሁሉም ቦታ አንድ የሆነ ቋሚ ቁጥር፣ T ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የተቆጠረ ሙቀት፣ M ደግሞ የምንፈልገው የአንድ ሞል ክብደት ነው። ክብደቱና ሙቀቱ ከታወቁና ግፊቱ ከተለካ የሚቀረው M ብቻ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ግፊቱ ስለ ሞለኪውሎቹ ዓይነት ደንታ እንደሌለው ነው፤ ቁጥራቸውን ብቻ ያያል። አንድ ኪሎ ጤፍና አንድ ኪሎ ባቄላ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ፍሬያቸው ቢቆጠር ግን አይገናኙም። የፍሬውን ቁጥር ያወቀ ሰው አንዷ ፍሬ ስንት እንደምትመዝን ለማወቅ ማካፈል ብቻ ይበቃዋል።

የሟሟ ነገርን ብዛት የሚያሳዩ ሌሎች መንገዶችም አሉ። ጨው የገባበት ውኃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው የሚበርደው፤ ከመቶ ዲግሪ በላይ ነው የሚፈላው። እነዚህም በቅንጣት ብዛት ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ለትንንሽ ሞለኪውሎች ሲያገለግሉ ኖረዋል። ለትልቅ ሞለኪውል ግን አይሆኑም። በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ሄሞግሎቢን ብናሟሟ የመርጊያው ሙቀት የሚወርደው በ0.0003 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን የሚያነብ ቴርሞሜትር ቢገኝ እንኳ ሌላ መዘዝ ይመጣል፦ በሙሙቱ ውስጥ 5 ሚሊግራም የገበታ ጨው ተረስቶ ቢቀር፣ ከጨው የሚወጡት ቅንጣቶች ከ10 ግራሙ ሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች ይበልጣሉ። የምንለካው ሄሞግሎቢኑን ሳይሆን ቆሻሻውን ይሆናል።

በኦስሞቲክ ግፊት ግን ያው 10 ግራም በዜሮ ዲግሪ ውኃን ወደ 3.6 ሴንቲሜትር ከፍ ያደርጋል። ይህ በተራ ማስመሪያ የሚነበብ ርዝመት ነው። ከዚያም በላይ፣ ሽፋኑ ጨውን እንዲያሳልፍ ሆኖ ከተሠራ ጨው በሁለቱም ወገን ይዳረስና በልኬቱ ላይ ያለው ጫና አብዛኛው ይጠፋል። አብዛኛው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ለሄሞግሎቢን እንዲህ ያለውን ሽፋን የሚሰጠው ኮሎዲዮን ነው። በአልኮልና በኤተር የሟሟ ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን፣ በመስታወት ቱቦ ግድግዳ ላይ አዙረው ካለበሱት ኤተሩ ተንኖ ስስ ከረጢት ይቀራል። ከውኃ ከመግባቱ በፊት እንዲደርቅ የተሰጠው ጊዜ የቀዳዳዎቹን ስፋት ይወስናል፤ ብዙ ከደረቀ ይጠባሉ፣ ትንሽ ከደረቀ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ያመልጣል። እዚህ ላይ ሄሞግሎቢን ለለኪው አንድ ውለታ ይውላል፤ ቀለም አለው። ከረጢቱ ካፈሰሰ ውጭ ያለው ንጹሕ ፈሳሽ ሐምራዊ ይሆናል፤ ለኪውም ከረጢቱን ጥሎ እንደገና ይጀምራል። ቀለም ለሌለው ፕሮቲን ግን ምልክቱ ቱቦው ውስጥ ነው የሚፈለገው፦ ፈሳሹ ከወጣ በኋላ በመቆም ፋንታ ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል።

ሚዛኑ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ፕሮቲን ደግሞ በሞቀ ቦታ ለቀናት ከተቀመጠ ይበላሻል፤ ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ሞለኪውሉም ይፈራርሳል። አንድ ሞለኪውል ለሁለት ከተሰበረ ቆጠራው እጥፍ ይሆንና የሚሰላው ክብደት በግማሽ ይቀንሳል። ሥራው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚሠራው ለዚህ ነው። የሄሞግሎቢን ብልሽትም በቀለም ይታወቃል፤ ደማቅ ቀይነቱ ወደ ቡናማ ይቀየራል። ሌላው ጥንቃቄ፣ ወደ ከረጢቱ የገባው ውኃ ሙሙቱን ስለሚያቀጥነው፣ የሄሞግሎቢኑ መጠን መለካት ያለበት መጀመሪያ ሲሟሟ ሳይሆን ግፊቱ ረግቶ ከተነበበ በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጨው ልመለስ። ሄሞግሎቢን የኤሌክትሪክ ሙል የሚይዝ ሞለኪውል ነው። ሙሉ ስንት እንደሆነ የሚወስነው የፈሳሹ አሲድነት ነው፤ በአንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ ዜሮ ይሆናል፣ ከዚያ ሲርቅ ይጨምራል። ሙል የያዘው ሞለኪውል ከከረጢቱ መውጣት ስለማይችል፣ ሙሉን የሚያቻችሉ ትንንሽ የጨው አዮኖች አብረውት ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ጨው በሁለቱ ወገን እኩል አይዳረስም፤ ውስጥ ያለው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ትርፉም እንደ ሄሞግሎቢን ይቆጠራል። ይህን በ1911 በሒሳብ ያስቀመጠው ፍሬደሪክ ዶናን ነው፤ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ጉዳዩ ስንት ያህል እንደሚያሳስት በቁጥር እንየው። በሊትር 10 ግራም ሄሞግሎቢን አለን፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል 10 ሙል ይዟል እንበል። በውጭ ያለው ጨው በሊትር 0.001 ሞል ብቻ ከሆነ፣ በዶናን ሒሳብ ውስጥ የሚቀረው ትርፍ አዮን ከሄሞግሎቢኑ ሞለኪውሎች ቁጥር 3.4 እጥፍ ይሆናል። ጠቅላላው ግፊት 4.4 እጥፍ ያድጋል፤ ይህን ያላወቀ ለኪ ክብደቱን ከ15,000 በታች አድርጎ ያሰላል። ጨው ወደ 0.1 ሞል ሲያድግ ግን ውስጥና ውጭ ካለው ብዙ ጨው አንጻር ልዩነቱ ኢምንት ይሆንና ስህተቱ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። አሲድነቱ ሙል ዜሮ ወደሚሆንበት ነጥብ ከተጠጋማ ጭራሹን ይጠፋል። እንግዲህ ጨው ከቆሻሻነት ወደ መድኃኒትነት ተለወጠ ማለት ነው፤ ትንሽ ሲሆን ያበላሻል፣ በዛ ሲል ያስተካክላል።

15,000 የሚለው ቁጥር ከብረቱ ከተገኘው 16,700 ጋር መቀራረቡን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። በ1907 ጀርመናዊው ጉስታቭ ሁፍነር ከባልደረባው ጋር የሄሞግሎቢንን ኦስሞቲክ ግፊት ለክቶ ከ15,000 እስከ 16,000 የሚሆን ክብደት አውጥቶ ነበር። ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስኮትላንድ ውስጥ የሠራው ዌይማውዝ ሪድ 48,000 ገደማ አግኝቷል። ተቀባይነት ያገኘው ግን የሁፍነር ቁጥር ነበር፤ አንድ ብረት ካለው ሞለኪውል ጋር ስለሚስማማ። ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ሲገጣጠሙ ሰው ማመኑ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚህ መሣሪያ ላይ ቁጥሩን ወደ ታች የሚጎትቱት ስህተቶች፣ ማለትም የአዮን ትርፍም ሆነ የፕሮቲን መበላሸት፣ ብዙዎች ናቸው። ትንሽ ቁጥር ሲመጣ መጠራጠር የነበረበት ለኪው ራሱ ነበር።

ይህን ጥርጣሬ ወደ ሥራ የለወጠው የካምብሪጁ ጊልበርት አዴር ነው። በ1925 ባወጣቸው ጽሑፎቹ መጀመሪያ የልኬቱን ዘዴ ራሱን መረመረ፤ ብርዱን፣ ጨዉን፣ አሲድነቱን እየቀያየረ የትኛው ነገር ግፊቱን እንደሚያናጋ ለየ። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ እንቅፋት ነው፤ እርሱም ከቫንት ሆፍ ሕግ ራሱ የሚመጣ ነው።

ሕጉ ልክ የሚሆነው ሙሙቱ በጣም ቀጭን ሲሆን ብቻ ነው። ሄሞግሎቢን ትልቅ ስለሆነ ቦታ ይይዛል፤ ሙሙቱ ሲወፍር ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ቦታ ይሻማሉና ግፊቱ ሕጉ ከሚለው በላይ ይወጣል። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሄሞግሎቢኑ በሊትር ከ300 ግራም በላይ ስለሆነ እዚያ ግፊቱ ቀላሉ ሕግ ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ ነው። ቀጭን ሙሙት ብቻ እንለካ ብንል ደግሞ ከፍታው ያንስና የአንድ ሚሊሜትር የንባብ ስህተት ብዙ ይሆናል። መውጫው በተለያየ ውፍረት ለክቶ ወደ ዜሮ መከተል ነው።

ለምሳሌ እንዲሆን ለእውነተኛው ሄሞግሎቢን የተጠጉ ቁጥሮችን አሰላሁ። በዜሮ ዲግሪ፣ በሊትር 10 ግራም ላይ ውኃው 3.71 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ በ20 ግራም 7.67፤ በ40 ግራም 16.3። ከፍታውን ለግራሙ ስናካፍል 0.371፣ 0.384 እና 0.408 ይመጣል። ሕጉ ፍጹም ቢሆን ሦስቱ እኩል በሆኑ ነበር። እኩል አይደሉም፤ ግን በግራፍ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ያርፋሉ። መስመሩን ወደ ግራ ስበን ውፍረቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ ስናይ 0.359 እናነባለን። በዚህ ሙቀት RT የሚባለው ብዜት በሊትርና በሴንቲሜትር ውኃ ሲገለጽ 23,155 ነው። ይህን ለ0.359 ስናካፍል 64,500 ግራም በሞል እናገኛለን። 40 ግራሙን ብቻ ለክቶ በቀጥታ ያሰላ ሰው ግን 56,800 ገደማ አግኝቶ «ሦስት ብረት ነው ወይስ አራት?» እያለ ይቀራል። የመስመሩ ዘንበል ማለትም ከንቱ አይደለም፤ ሞለኪውሎቹ ምን ያህል እንደሚገፋፉ ይነግራል፤ ዛሬ ኦስሞሜትር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህን ነው።

አዴር ያገኘው ቁጥር 67,000 አካባቢ ነበር። ዛሬ ከምናውቀው 64,500 በጥቂት በመቶ ይበልጣል፤ ለጥያቄው መልስ ግን ምንም አያናውጥም። ከ16,700 አራት እጥፍ ነው፤ አራት ብረት። ከዚህ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በአራት ደረጃ እንደሚይዝ የሚገልጽ እኩልታ ጻፈ፤ በፊዚዮሎጂ መጻሕፍት የአዴር እኩልታ ተብሎ ይገኛል። ስዊድን ውስጥ ቴዎዶር ስቬድበሪ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ፣ በፍጹም በተለየ መንገድ፣ ከአዴር ጋር የሚስማማ ክብደት አገኘ። ያን ጊዜ ክርክሩ እየሞተ መጣ። በ1937 አዴር የፈረስ ሄሞግሎቢን ክሪስታል አዘጋጅቶ ለአንድ ወጣት ኦስትሪያዊ ተማሪ ሰጠ። ተማሪው ማክስ ፔሩትዝ ነበር፤ በ1960 ያሳተመው የሞለኪውሉ ቅርጽ አራት ሰንሰለት፣ በእያንዳንዱም ላይ አንድ ብረት አሳየ።

ዘዴው ወሰን አለው። ከ10,000 ግራም በሞል ብዙም ያልራቀ ሞለኪውል በሽፋኑ ሊያመልጥ ይችላል፤ ሚሊዮን ከደረሰ ደግሞ ከፍታው በሊትር 10 ግራም ላይ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ይወርድና ማንበቡ ከባድ ይሆናል። እንደ ፕላስቲክ ያሉ ረጅምና አጭር ሰንሰለት የተቀላቀለባቸው ነገሮች ላይ የሚወጣው ቁጥር አማካይ ነው፤ ያውም ለትንንሾቹ የሚያደላ አማካይ፣ ምክንያቱም በቆጠራ ላይ ትንሹም ትልቁም እኩል አንድ ድምፅ አለው።

ሄሞግሎቢንም ቢሆን ሁልጊዜ 64,500 አይደለም። ብዙ ዩሪያ ባለበት ውኃ ውስጥ ግፊቱ ሲለካ የሚወጣው ክብደት ግማሹን ያህል ነው። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ዩሪያ ሞለኪውሉን ለሁለት ከፍሎታል፣ እያንዳንዱ ግማሽም ሁለት ብረት ይዞ ለብቻው ይንሳፈፋል።